ሁለት ሲስተሞች አንድ መዝገብ ሲያርሙ፦ የማን ይያዝ?

አንድ ድርጅት ሁለት ሲስተም አለው እንበል። ሽያጭ ክፍል በአንዱ ይሠራል፣ ሒሳብ ክፍል በሌላው። የደንበኛ መዝገብ ግን በሁለቱም ላይ አለ፤ በየ15 ደቂቃው ይናበባሉ።

ጠዋት 4:02 ላይ ወይዘሮ አልማዝ ሽያጭ ክፍል ደውለው አዲስ ስልክ ቁጥር አስመዘገቡ። 4:09 ላይ ሒሳብ ክፍል ያለው ልጅ የግብር ከፋይ ቁጥራቸውን አስተካከለ። እሱ በከፈተው መዝገብ ላይ ያለው ስልክ ገና አሮጌው ነው። 4:15 ላይ ሁለቱ ሲስተሞች ተገናኙ።

ቀላሉ ዳኝነት «መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል» የሚባለው ነው። መዝገቡ የታረመበት ሰዓት ይታያል፤ የኋለኛው እንዳለ ይወሰዳል፣ የፊተኛው እንዳለ ይጣላል። ስለዚህ የ4:09ኙ አሸነፈ። የግብር ቁጥሩ ተስተካከለ፣ ስልኩ ግን ወደ አሮጌው ተመለሰ። ልጁ ስልኩን አልነካም፤ ሲስተሙም ምንም አላጉረመረመም። ነገሩ የሚታወቀው ሽያጭ ክፍል በማግስቱ «ቀይሬው ነበር እኮ!» ሲል ነው። የለውጥ ታሪኩን ስትከፍቱ ደግሞ ስልኩን የመለሰው የሰው ስም ሳይሆን የማናበቢያው አካውንት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሌላው ጣጣ ሰዓት ነው። ሁለት ማሽን ሁለት ሰዓት አለው። የጥቂት ሰከንድ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ግን አንዱ ሲስተም በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ሌላው በ UTC እየመዘገበ የሰዓት ቀጠናው አብሮ ካልተጻፈ፣ የአዲስ አበባው ለውጥ ሁልጊዜ በ3 ሰዓት አዲስ ይመስላል። ሌላኛው ከ3 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ካልጻፈ በቀር አያሸንፍም። የመስክ ሠራተኛ ስልኩን በእጁ ወደ ሐበሻ ሰዓት ሞልቶት ከሆነማ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። የሰውየው ልፋት ውኃ ይበላዋል።

ሁለተኛው መንገድ በፊልድ ደረጃ ማዋሃድ ነው። እዚህ ጋ ሦስት ቅጂ ያስፈልጋል፦ የሁለቱ ሲስተሞችና ባለፈው ሲናበቡ የተስማሙበት መነሻ። ያለ መነሻው ማን ምን እንደነካ ማወቅ አይቻልም። a እና b የሁለቱ ሲስተሞች ዋጋ፣ base ደግሞ መነሻው ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ፊልድ የሚጠየቀው ይህ ነው፦

```
if a == b:       result = a
elif a == base:  result = b
elif b == base:  result = a
else:            conflict
```

በወይዘሮ አልማዝ መዝገብ ላይ ስልኩን የነካው ሽያጭ ብቻ ነው፣ የግብር ቁጥሩን ሒሳብ ብቻ። ሁለቱም ለውጥ ይተርፋል፤ ማን ቀደመ የሚል ክርክርም የለም። ሰዓት የሚጠየቀው፣ ከተጠየቀ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ስንደርስ ነው። እሱንም ቢሆን ለሰዓት ባንተወው እመርጣለሁ። የግብር ቁጥር ላይ ሒሳብ ክፍል፣ ስልክ ላይ ሽያጭ ክፍል ባለቤት ነው ብሎ አስቀድሞ መወሰን ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተገላገልኩ ብሎ ያርፋል። ችግሩ አብረው የሚኖሩ ፊልዶች መኖራቸው ነው። ወይዘሮ አልማዝ ከቦሌ ወረዳ 3፣ ቤት ቁጥር 412፣ ወደ የካ ወረዳ 8፣ ቤት ቁጥር 77 ተዛወሩ፤ ሽያጭ ይህን መዘገበ። ከደቂቃዎች በኋላ ሒሳብ ክፍል የድሮውን አድራሻ ሲያይ 412 መሆን የነበረበት 421 ነው ብሎ አረመ። ክፍለ ከተማና ወረዳ ላይ ግጭት የለም፤ የሽያጭ ተያዘ። ቤት ቁጥሩን ሁለቱም ነክተውታል፣ በሰዓት ሲዳኝ 421 አሸነፈ። ውጤቱ፦ የካ፣ ወረዳ 8፣ ቤት ቁጥር 421። እንዲህ ያለ አድራሻ የጻፈ ሰው የለም። «መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል» ቢያንስ አንድ ሰው በትክክል የጻፈውን መዝገብ ነው የሚሰጣችሁ። ይኼ ግን አዲስ ፈጠረ።

በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ካሳንድራ የተባለው ዳታቤዝ አሸናፊውን የሚመርጠው በፊልድ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ በማይክሮሰከንድ የተጻፈ የራሱ ሰዓት አለው። ሁለት ዋጋዎች ሰዓታቸው እኩል ከሆነ በባይት ሲነጻጸር የሚበልጠው ይያዛል። ካይል ኪንግስበሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ጄፕሰን በተባለው የሙከራ ሥራው ሲፈትሸው፣ አንዱ ፊልድ ከአንድ ጸሐፊ፣ ሌላው ፊልድ ከሌላ ጸሐፊ የመጣ ረድፍ አግኝቷል።

መፍትሔው አድራሻን እንደ አንድ ፊልድ መቁጠር ነው፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና ቤት ቁጥር አብረው ያሸንፋሉ፣ አብረው ይሸነፋሉ። የገንዘብ መጠንና የገንዘቡ ዓይነት፣ የውል መጀመሪያና ማብቂያ ቀንም እንደዚሁ። ባዶ ፊልድ ደግሞ ለብቻው ይታይ። ሽያጭ ክፍል «ሁለተኛ ስልክ» የሚባል ፊልድ ጭራሽ ከሌለው፣ ባዶ አድርጎ የሚልከው ማጥፋቱ ሳይሆን አለማወቁ ነው። ይህን ያልለየ ማናበቢያ በመጀመሪያው ቀን የሒሳብ ክፍልን ሁለተኛ ስልኮች በሙሉ ጠርጎ ያጠፋቸዋል።