እንቁላል 14 ብር ገባ፤ የትኛው መስመር ነው የተንቀሳቀሰው?

“ዋጋ ሲወደድ ሰው ግዢ ይቀንሳል። ስለዚህ የፍላጎት መስመሩ ወደ ግራ ይሄዳል።”

የፍላጎትና የአቅርቦት ስዕል ያለበትን ስላይድ ሲያስረዱ ከሚሰሙ የተሳሳቱ አባባሎች አንዱ ይህ ነው፣ ከታች በጥቅስ የተቀመጡትም እንዲሁ። እዚህ ጋ ነጥቡና መስመሩ ተምታተዋል። ተማሪም ስላይድ የሚያስረዳውም ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ስላይዱ የአንድ ገበያ የእንቁላል ግብይት ነው እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ ብዬ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ወደ ላይ የቆመው መስመር የአንድ እንቁላል ዋጋ ነው፣ አግድም የተኛው ደግሞ በቀን የሚሸጠው ብዛት። D1 የገዢዎች፣ ማለትም የፍላጎት መስመር ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል። S1 የሻጮች፣ ማለትም የአቅርቦት መስመር ነው፣ ሽቅብ ይወጣል። የሚገናኙት 12 ብር እና 6,000 እንቁላል ላይ ነው።

ዋጋው 14 ብር ቢሆን ገዢዎች የሚፈልጉት 5,000 ብቻ ነው። ግን ይህ 5,000 ከየት መጣ? ያነበብነው እኮ ከዛው ከD1 ላይ ነው! መስመሩ አንድ ቁጥር አይደለም። “በ10 ብር ይህን ያህል፣ በ12 ይህን ያህል፣ በ14 ይህን ያህል እገዛለሁ” የሚል ሙሉ ዝርዝር ነው። ዋጋ ሲቀየር ከዝርዝሩ ሌላ ረድፍ ታነባለህ፣ ዝርዝሩ ግን ያው ነው። ስለዚህ ነጥቡ በመስመሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ መስመሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

መስመሩ ራሱ የሚሄደው ቁም ወይም አግድም ላይ ያልተጻፈ ነገር ሲቀየር ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጿሚው እንቁላል በ12 ብርም አይገዛም፣ በ8 ብርም አይገዛም። በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ የሚፈለገው ብዛት አነሰ ማለት ነው፣ መስመሩም ወደ ግራ ሄደ። 55 ቀኑ አልቆ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ለዶሮ ወጡ ሁሉም ይፈልገዋል፣ መስመሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ግራ ሲገባህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ ሰውን ሐሳቡን ያስቀየረው የእንቁላሉ የራሱ ዋጋ ነው ወይስ ሌላ ነገር? የራሱ ዋጋ ከሆነ ነጥቡን አንቀሳቅስ፣ ሌላ ከሆነ መስመሩን።

“ፍላጎት ጨመረ፣ ዋጋ ወጣ። ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ፍላጎት ቀነሰ። በቃ ዞሮ ዞሮ ወደነበረበት ተመለሰ።”

“ፍላጎት” የሚለው ቃል እዚህ ሁለት ሥራ እየሠራ ነው፣ አንዴ መስመሩ ነው፣ አንዴ ነጥቡ። በቁጥር ሲሠራ ግራ መጋባቱ ይጠፋል።

የፋሲካ ሰሞን D1 ወደ D2 ሄደ እንበል፣ በእያንዳንዱ ዋጋ 2,000 እንቁላል ተጨማሪ ይፈለጋል። በመጀመሪያ በድሮው ዋጋ ምን እንደሚሆን ተመልከት፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው። በ12 ብር ገዢው 8,000 ይፈልጋል፣ ሻጩ ግን የሚያቀርበው 6,000 ነው። 2,000 ጎደለ። ባዶ እጁን የሚመለሰው ገዢ ጨምሮ ለመክፈል ይስማማል፣ ሻጩም ዋጋ ይጨምራል። ዋጋው ሲወጣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሆናል። አንዳንዱ ገዢ በD2 ላይ ከ8,000 ወደ 7,000 ያፈገፍጋል፣ ሻጩ ደግሞ በS1 ላይ ከ6,000 ወደ 7,000 ይጨምራል፣ እና 14 ብር ላይ ይገናኛሉ። ማፈግፈጉ እውነት ነው፣ ግን የጉድለቱን ግማሽ ብቻ ነው የሸፈነው። D2 ወደ D1 አልተመለሰም፣ የሚሸጠውም ከ6,000 ወደ 7,000 አድጓል።

ስላይዱ ፊት ቆመህ ስታስረዳ እንዲህ በለው፦ “ፋሲካ ስለሆነ በየትኛውም ዋጋ የሚፈለገው እንቁላል በዛ። በድሮው ዋጋ እጥረት ተፈጠረ። እጥረቱ ዋጋውን ገፋው። አዲሱ መገናኛ ከድሮው ወደ ላይም ወደ ቀኝም ነው፣ ማለትም የሚሸጠው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው።” እዚህ ውስጥ የሻጮች መስመር ተንቀሳቅሷል ያልንበት ቦታ የለም። ሻጮች በራሳቸው መስመር ላይ ሽቅብ ወጡ እንጂ። ቄብ ዶሮ እንቁላል ለመጀመር 5 ወር ገደማ ስለሚፈጅባት ይህ ጭማሪ ከአዳዲስ ዶሮዎች አይመጣም፣ ከራቅ ካለ ቦታ ተጭኖ ወይም ተቆጥቦ ከቆየው ነው። ለዚህ ነው በአጭር ጊዜ የሻጮች መስመር ወደ ቁም ጠጋ ብሎ የሚሳለው።

“አቅርቦት ከቀነሰ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል።”

ዓይን የሚሸወደው እዚህ ነው። የአቅርቦት መስመር ወደ ታች ከወረደ አቅርቦት ጨምሯል ማለት ነው! ብዛት የሚነበበው በአግድም ስለሆነ አቅርቦት ሲቀንስ መስመሩ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፣ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ደግሞ ወደ ግራ ሲገፋ ወደ ላይ የወጣ ይመስላል።

መኖ ተወደደ እንበል። S2 ከS1 በ2,000 ወደ ግራ ነው፣ በ12 ብር 6,000 ያቀርቡ የነበሩት አሁን 4,000 ብቻ ያቀርባሉ። ያንኑ ስዕል በቁም አንብበው፦ ያንኑ 6,000 እንዲያመጡ አሁን 16 ብር ይፈልጋሉ። ሁለቱም ንባብ ትክክል ነው፣ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። “ታች” እና “ላይ” የሚሉትን ቃላት ለዋጋ ብቻ ብትተዋቸው፣ ለመስመር ሁሌ “ግራ” እና “ቀኝ” ብትል ይህ ስህተት አይደርስብህም።

“ዋጋ ከወጣ ፍላጎት ጨምሯል ማለት ነው።”

S2ን ከD1 ጋር አገናኘው። በ14 ብር ገዢው 5,000 ይፈልጋል፣ ሻጩም 5,000 ያቀርባል። ፋሲካውም 14 ብር፣ የመኖ ውድነቱም 14 ብር! በዋጋው ብቻ ልትለያቸው አትችልም። የሚለያቸው ብዛቱ ነው፦ በፋሲካው 7,000 ይሸጣል፣ በመኖው 5,000። የሄደው አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ዋጋና ብዛት አብረው ከወጡ የገዢዎች መስመር ነው የሄደው፣ ዋጋ ወጥቶ ብዛት ከወረደ የሻጮቹ።

አሜሪካ ያላችሁ ይህን በዓይናችሁ አይታችኋል። በ2022 የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ40 ሚሊዮን በላይ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ሞቱ ወይም እንዲወገዱ ተደረገ። ጥር 2022 ላይ የአንድ ደርዘን አማካይ ዋጋ 1.93 ዶላር ነበር፣ ጥር 2023 ላይ 4.82 ደረሰ። ያኔ ዋጋውን በዋናነት የሰቀለው ዶሮ ማለቁ ነው፣ ስላይድ ላይ የሚሳለውም S ወደ ግራ ሲሄድ ነው።

“ሁለቱም መስመሮች ከሄዱ አዲሱን ነጥብ ከስዕሉ ላይ ማንበብ ነው፣ ሌላ ምን አለው?”

ስዕሉ የሚያሳይህ ሠሪው በእጁ የመረጠውን ርቀት ነው። ፋሲካ እና የመኖ ውድነት አንድ ላይ መጡ እንበል፣ ሁለቱም መስመሮች በ2,000 ቢሄዱ 16 ብር እና 6,000 ላይ ይገናኛሉ። ብዛቱ ምንም ያልተነካ ይመስላል። ግን የፋሲካው ጭማሪ 1,000 ብቻ ቢሆን ኖሮ 15 ብር እና 5,500 ይሆን ነበር፣ 3,000 ቢሆን ደግሞ 17 ብር እና 6,500። ዋጋው በሦስቱም ወጥቷል፣ ብዛቱ ግን አንዴ ባለበት ቆመ፣ አንዴ ወረደ፣ አንዴ ወጣ። ስለዚህ ቁጥር የሌለው ስላይድ ላይ “ዋጋው በእርግጠኝነት ይወጣል፣ ብዛቱ ግን የትኛው መስመር ይበልጥ እንደሄደ ካልታወቀ አይታወቅም” ማለት ሙሉ መልስ ነው። ፈተና ላይም ከዚህ በላይ አትጨምርበት።