ስፒንኦፍ፣ ፕሪኩዌል፣ ሪቡትና ሪሜክ፦ ምናቸው ይለያል?

ሀዋሳ ላይ ተከታታይ ፊልም በፍላሽ የሚያስጭን ሰው ብዙ ነው፣ የከተማችን ልጆች ደግሞ ተከታታይ ላይ ቀላል አይደሉም፣ ግን ፊልም ማስጫኛ ቤት ስትገባ አራቱም "አዲሱ" ወይም "ክፍል ሁለት" ተብለው ነው የሚሰጡህ። ለመለየት መጀመሪያ የሚጠየቀው የድሮው ታሪክ አዲሱ ውስጥ እንደተፈጸመ ይቆጠራል ወይ የሚለው ነው። ከተቆጠረ ስፒንኦፍ ወይም ፕሪኩዌል ነው፣ ካልተቆጠረ ሪቡት ወይም ሪሜክ።

ሰው በጣም የሚሳሳተው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው ምክንያቱም አንዱ ከሆነ ሌላውን መሆን የማይችል ይመስለዋል። ስፒንኦፍ የሚባለው ታሪኩ ወደ ማን እንደዞረ ታይቶ ነው፣ ፕሪኩዌል ደግሞ ከዋናው ታሪክ በፊት መፈጸሙ ታይቶ፣ ስለዚህ አንድ ስራ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ቤተር ኮል ሶልን (2015-2022 እ.ኤ.አ.) ውሰድ። ብሬኪንግ ባድ ላይ በሁለተኛው ሲዝን የመጣው ጠበቃ ሶል እዚህ ዋና ገጸ ባህሪ ሆነ፣ ይሄ ስፒንኦፍ ያደርገዋል። ታሪኩ የሚጀምረው ሶል የብሬኪንግ ባዱን ዕፅ አብሳይ አስተማሪ ዋልተር ዋይትን ከማግኘቱ ስድስት አመት ገደማ በፊት ስለሆነ ደግሞ ፕሪኩዌል ነው። ፕሪኩዌል ላይ ማን እንደሚተርፍ አስቀድመህ ታውቃለህ፣ ሶልና ማይክ ብሬኪንግ ባድ ላይ ስላሉ እንደማይሞቱ እርግጠኛ ነህ፣ የሶል ፍቅረኛ ኪም ግን ብሬኪንግ ባድ ላይ ጭራሽ የለችም፣ ስለዚህ ስድስት ሲዝን ሙሉ የምትጨነቀው ለሷ ነው። እንደኔ ከዚህ የተሻለ ፕሪኩዌል አልተሰራም። ጥቁርና ነጭ የሆኑት ክፍሎች ግን ከብሬኪንግ ባድ በኋላ ያለውን ነው የሚያሳዩት፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ፕሪኩዌል ነው ማለት ትንሽ ያከራክራል።

ሪሜክ ያንኑ ታሪክ እንደገና መስራት ነው። ብሬኪንግ ባድ በ2014 ኮሎምቢያ ውስጥ ሜታስታሲስ ተብሎ በስፓኒሽ ተሰራ፣ አስተማሪው ዋልተር ብላንኮ ሆነ፣ ዕፁን የሚያበስሉበት የካምፕ መኪና እዛ አገር ብዙም ስለሌለ በአሮጌ የተማሪዎች ባስ ተቀየረ፣ የታሪኩ ሂደት ግን ያው ነው።

ሪቡት ሃሳቡንና ስሞቹን ይይዝና ታሪኩን ከዜሮ ይጀምራል። የ1978ቱ ባትልስታር ጋላክቲካ ላይ ስታርበክ ወንድ ነበር፣ በ2003 ሲመለስ ሴት ሆነች፣ ጠላቶቹ ሳይሎኖችም ሰው ራሱ የፈጠራቸው ሮቦቶች ተደረጉ። ሪሜክ የሚሉትም አሉ፣ ግን ታሪኩ ይሄን ያህል ከተቀየረ ሪቡት ማለቱ ይሻላል።

የ2017ቱን ፕሪዝን ብሬክ ብዙ ሰው ሪቡት ይለዋል፣ አይደለም። ተዋናዮቹ እነዛው ናቸው፣ ዋናው ገጸ ባህሪ ማይክል ሞቷል የተባለውም ነገር እንዳለ ተይዞ ነው የሚቀጥለው፣ ስለዚህ አምስተኛ ሲዝን ነው፣ የበፊቶቹን አራቱን ሳታይ ብትጀምረው ግራ ይገባሃል።