ጡንቻ መካከለኛ ርዝመት ላይ ሲሆን የሚበረታው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ጡንቻ እንደ ላስቲክ ነው፤ በተሳበ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል።»

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስላለው ብዙ ሰው ያሳስታል። በጡንቻ ውስጥ እንደ ላስቲክ የሚሠራ ነገር በእርግጥ አለ። ታይቲን የሚባለው ረጅም ፕሮቲንና ጡንቻውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲወጠሩ ወደ ቦታቸው ለመመለስ ይስባሉ። ይህ መሳብ ግን ጡንቻው ባይታዘዝም፣ ሰውየው እንቅልፍ ላይ ቢሆንም ያለ ነው። ጡንቻው ታዝዞ፣ ራሱ ሠርቶ የሚያወጣው ጉልበት ሌላ ነው።

ሁለቱን የሚለዩበት መንገድ ቀላል ነው። ጡንቻውን በአንድ ርዝመት ላይ ያስሩትና ሳይቀሰቅሱት ምን ያህል እንደሚስብ ይለካሉ። ከዚያ በኤሌክትሪክ ቀስቅሰው እንደገና ይለካሉ። ከሁለተኛው ልክ የመጀመሪያው ሲቀነስ የሚተርፈው የጡንቻው የራሱ ሥራ ነው። ይህን በተለያየ ርዝመት ሲደጋግሙት የራሱ ሥራ ከአጭሩ ጫፍ እየጨመረ ሄዶ መሃል ላይ ጣሪያ ይነካል፤ ጡንቻው ከዚያ በላይ ሲሳብ ይወርዳል።

ለምን እንደሚወርድ በግልጽ ያሳዩት ጎርደን፣ ሃክስሊና ጁሊያን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ሥራ ከእንቁራሪት በተወሰደ አንድ ነጠላ የጡንቻ ሴል ላይ ርዝመቱን እየቀያየሩ ለኩ። ጡንቻ ሳርኮመር ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሳርኮመር መሃል ማዮሲን የተባለው ወፍራም ክር ይቀመጣል፤ ከግራና ከቀኝ ግድግዳዎቹ ደግሞ አክቲን የተባሉት ቀጫጭን ክሮች ወደ መሃል ይዘረጋሉ። ከወፍራሙ ክር የወጡ ብዙ ራሶች ቀጭኑን ይዘው ይጎትቱታል። ብዙ ራስ ሲጎትት ጉልበቱ ይበዛል፤ ቀጭን ክር ያልደረሰለት ራስ ግን የሚይዘው ነገር የለም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በእንቁራሪት ወፍራሙ ክር 1.6 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ቀጭኖቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1 ማይክሮሜትር ያህል ናቸው። ሳርኮመሩ 3.6 ሲደርስ 1.6 እና ሁለት ጊዜ 1 ማለት ነውና ክሮቹ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ይደራረሳሉ፤ ጉልበቱም ዜሮ ይጠጋል። በወፍራሙ ክር መሃል ራስ የሌለበት 0.2 ማይክሮሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ሳርኮመሩ 2.2 ላይ ሲሆን ቀጭኖቹ ልክ እዚያ ባዶ ቦታ ዳር ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ራሶቹ ሁሉ የሚይዙት ያገኛሉ፤ ጉልበቱም ጣሪያ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል፣ 2.9 ላይ፣ ከራሶቹ ግማሾቹ ብቻ ይይዛሉ፤ የተለካው ጉልበትም ወደ ግማሽ ገደማ ነው። ክር ቆጥሮ የሚገመተውና በመሣሪያ የሚለካው እንዲህ መግጠማቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የሰው ቀጭን ክር ከእንቁራሪቱ ስለሚረዝም የእኛ ጣሪያ ከ2.6 እስከ 2.8 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው።

«ጡንቻ በጣም የሚጠነክረው አጥሮ ሲያብጥ ነው።»

ሲያብጥ የምናየው ቅርጹን ነው። ሳርኮመሩ ከ2.0 ማይክሮሜትር በታች ሲያጥር ከሁለቱ ወገን የመጡት ቀጫጭን ክሮች መሃል ላይ ይደራረባሉ፤ አንዱም የሌላውን ሥራ ያውካል። ወደ 1.6 ሲጠጋ ወፍራሙ ክር ራሱ ግድግዳውን መግፋት ይጀምራል። 1.3 አካባቢ የሚወጣ ጉልበት የለም ማለት ይቻላል።

ይህን በእጃችሁ ሞክሩት። እስክሪብቶ አጥብቃችሁ ጨብጡ። ከዚያ ጭብጡን ሳትለቁ የእጅ አንጓችሁን ወደ ውስጥ እስከቻላችሁ ድረስ እጠፉት፤ ሌላ ሰውም እስክሪብቶውን ይሳበው። በቀላሉ ይወጣል። አንጓችሁን ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ብትደግሙት ግን ይታገላል። ጣቶችን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ሲሆን ጅማታቸው አንጓውን አልፎ ጣት ድረስ ይሄዳል። አንጓው ሲታጠፍ ቀድመው ያጥራሉ፤ ጣቶቹ ሲጨብጡ ደግሞ ይብስ ያጥራሉ። በዚያ ላይ በእጅ ጀርባ በኩል ያሉት ጅማቶች ተወጥረው ጣቶቹን ወደ መከፈት ይጎትታሉ። ሁለቱ ተደምረው ነው ጭብጡን የሚያላሉት።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው አንጓን ቀና የሚያደርገው ነርቭ የተጎዳበት ሰው ላይ ነው። ክንዱን ወንበር መደገፊያ ላይ ጥሎ በከባድ እንቅልፍ ያደረ፣ ወይም የላይኛው ክንዱ አጥንት የተሰበረ ሰው እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመጣል። «ጣቶቼ ሞተዋል፤ ብርጭቆ እንኳ አይዙልኝም» ይላል። ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ግን ደህና ናቸው፤ ነርቫቸው ሌላ ነው። ከሥር ገብቼ አንጓውን 30 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጌ ስይዝለትና ጣቴን ጨብጥ ስለው፣ ወዲያው ይጨብጠኛል። በዚያ ደቂቃ ነርቩ አልዳነም፤ የተቀየረው የአንጓው አቀማመጥ፣ ከእሱም ጋር የጡንቻው ርዝመት ነው። አንጓውን ቀና አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ የምናስርለትም ነርቩ እስኪያገግም ድረስ እጁ እንዲሠራለት ነው።

«መሃል ማለት መገጣጠሚያው 90 ዲግሪ ሲሆን ነው።»

የጡንቻ ርዝመትና የመገጣጠሚያ ማዕዘን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክርናችሁ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲታጠፍ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ክርንን የሚያጥፈው የባይሴፕስ ጡንቻ ጅማት ከክርኑ መሽከርከሪያ የሚርቅበት ርቀትም ትልቅ ይሆናል፤ በረጅም እጀታ ብሎን እንደ መፍታት ነው። የምንለካው የሁለቱን ጥምር ውጤት ነው። ጂም ውስጥ ቆመው ክብደት የሚያነሡ ሰዎች ግን ክንዳቸው ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ነው የሚከብዳቸው። እዚያ ቦታ ክብደቱም ከክርኑ በጣም ይርቃልና። ስለዚህ «እዚህ ጋ ከበደኝ» ማለት «እዚህ ጋ ጡንቻዬ ደከመ» ማለት አይደለም። ከዚህም ሌላ ከላይ ያየነው የርዝመትና የጉልበት ግንኙነት የተለካው ጡንቻው ርዝመቱን ሳይቀይር በሙሉ ጉልበቱ ሲስብ ነው፤ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ወይም ሸክም ወደ ታች ሲያወርድ ሌላ ሕግ ይጨመርበታል።

«ያ ምርጥ ርዝመት ከተወለድን ጀምሮ አይቀየርም።»

የአንዱ ሳርኮመር ምርጥ ርዝመት አይቀየርም፤ በተርታ የተቀጣጠሉት ሳርኮመሮች ብዛት ግን ይቀየራል። በድመት የባት ጡንቻ ላይ በተደረገ የታወቀ ሙከራ፣ ጡንቻው አጥሮ እንዲቆይ በጀሶ ሲታሰር ከተርታው ሳርኮመሮች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ጠፉ። ተወጥሮ ሲታሰር ደግሞ ወደ 20 በመቶ ገደማ ጨመሩ። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

በሕመምተኛ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች ተዘርግቶ ለሳምንታት በጀሶ የቆየ ሰው የባቱ ጡንቻ ከአጭሩ ርዝመት ጋር ይለማመዳል። ጀሶው ሲወጣ እግሩን ወደ ታች ዘርግቶ ስትፈትኑት የጠነከረ ሊመስል ይችላል፤ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ አጥፎ ሲገፋ ግን ይለግማል። ጣሪያው ወደ አጭሩ ወገን ሸሽቷልና። ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን እግር በአንድ ማዕዘን ብቻ ፈትኜ «ድኗል» የማልለው፤ ቢያንስ በሦስት ቦታ፣ ተዘርግቶ፣ መሃል ላይና ወደ ላይ ታጥፎ፣ እፈትነዋለሁ።