ውሃ እምቢ ያለ የአበባ አፈር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ውሃው ከታች እስኪወጣ አጠጥቼዋለሁ። ስለዚህ ጠግቧል።»

አንድ ወዳጄ የጠወለገ ፈርን ይዞልኝ መጣ። በየሁለት ቀኑ ያጠጣዋል። ውሃው ሁልጊዜ ከታች ሳህኑ ላይ ይወጣል። ተክሉ ግን ከቀን ወደ ቀን እየደረቀ ነው። ማሰሮውን ከእጁ ስቀበለው እንደ ባዶ ቅል ቀለለኝ። አፉ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የፕላስቲክ ማሰሮ ነው። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ከነተክሉ 430 ግራም ሆነ። ግማሽ ሊትር ውሃ ከላይ አፈሰስኩበት። ወዲያው ከታች ተንዠቀዠቀ። መልሼ ስመዝነው 470 ግራም። ከ500 ግራም ውሃ አፈሩ ያስቀረው 40 ግራም ብቻ ነው።

ውሃው በየት አለፈ? ማሰሮውን ወደ ብርሃን አዘንብዬ ዳሩን አየሁት። በአፈሩ እና በፕላስቲኩ መካከል ስንጥር የሚያስገባ ክፍተት ዙሪያውን ተከፍቷል። አፈሩ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከማሰሮው ግድግዳ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ውሃ ሁሉ በዚያ ክፍተት ቁልቁል ይሄዳል። መሃል ያለው ሥር ምንም አይደርሰውም። ላዩ ርሶ ስለሚጠቁር ዓይንን ያታልላል። ጣቴን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስሰድ ግን ያገኘሁት ብናኝ ነው።

ስለዚህ ከታች የሚወጣውን ውሃ አትመኑ፤ ክብደቱን እመኑ። ሚዛን ባይኖር እንኳ እጅ ይበቃል። ተክሉን አጠጥታችሁ ማሰሮውን ስታነሱት ልክ እንደ በፊቱ ከቀለለ፣ አልጠጣም።

«አፈር እንዴት ውሃ እምቢ ይላል? ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ልጣለው።»

ቆዩ፣ አትጣሉት። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የአበባ አፈር አብዛኛው ከመሬት የተቆፈረ አፈር አይደለም። ፒት፣ የኮኮናት ቃጫ እና የዛፍ ቅርፊት የተቀላቀሉበት ነው። ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ በከፊል የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት ነው። እነዚህ ሁሉ ከዕፅዋት የመጡ ስለሆኑ በላያቸው ሰም እና ቅባት መሰል ነገር አለ። እርጥብ ሲሆኑ ይህ ባሕርይ አይታይም። ጥርቅም ብለው ሲደርቁ ግን ቅባታማው ጎን ወደ ውጭ ይወጣል። ያኔ የውሃ ጠብታ እላያቸው ላይ ተድቦልቡሎ ይንከባለላል፤ ቅባት የነካው ሳህን ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ ውሃ በቀላሉ እንዲሰርግ የሚያደርግ ማራሻ ይጨምሩበታል። የማራሻው ጉልበት ግን በጊዜ ብዛት እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ እያለ ውሃ ጠጥቶ የማይጠግብ የነበረ አፈር፣ ከዓመት በኋላ አንዴ ከደረቀ እምቢ ሊል ይችላል። ፒት በዚህ የከፋ ነው። የኮኮናት ቃጫ ከደረቀ በኋላም ቢሆን በቀላሉ ይርሳል።

የተበላሸ ነገር የለም። መልሶ ሲርስ መልሶ ያብጣል፤ በዳር የተከፈተውም ይገጥማል።

«እንግዲያው አብዝቼ ላፍስበት።»

ሁለት ሊትርም ብታፈሱ መንገዱ ያው ነው። ውሃ በቀለለው በኩል ይሄዳል፤ የቀለለው ደግሞ ዳሩ ነው። በዚያ ላይ በኃይል የሚወርድ ውሃ ክፍተቱን ይበልጥ ይቦረቡረዋል። የሚያዋጣው ጥቂት ውሃ እና ብዙ ጊዜ ነው። ደግሞ በጣም የደረቀ ነገር መጀመሪያ ትንሽ ወዛ ሲል ነው ለቀጣዩ ውሃ በሩን የሚከፍተው።

«ሳህኑ ላይ ውሃ ካስቀመጥኩለት ራሱ ቀስ እያለ ይጠጣል።»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ለጤነኛ አፈር እውነት ነው። እርጥበት ያለው አፈር ሳህን ላይ ያለን ውሃ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስባል። ይህ የሚሆነው ግን ውሃው ከአፈሩ ቅንጣቶች ጋር ሲጣበቅ ነው። እምቢ ያለ አፈር ውሃውን ስለማያስጠጋው መሳብም አይችልም። ሳህኑ ላይ አንድ ሁለት ጣት ውሃ ይዞ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ የታችኛው ጠርዝ ብቻ ይርሳል።

የሚያስፈልገው ጥልቀት ነው። ማሰሮው ውሃ ውስጥ ጠለቅ ሲል የውሃው ክብደት ራሱ ከታች እና ከጎን ይገፋል። አየሩን ቀስ በቀስ አስወጥቶ ይገባበታል።

የወዳጄን ፈርን እንዲህ ነው ያደረግኩት። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ። ለብ ያለ ስል እጅ ሲነከር ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማበት ማለቴ ነው። ለብ ያለ ውሃ ከቀዝቃዛው ይልቅ ቶሎ ሰርጎ ይገባል፤ ትኩስ ግን ሥር ይጎዳል። ከዚያ ማሰሮውን አስቀመጥኩት። ውሃው ከውጭ በኩል ከአፈሩ ላይኛ ደረጃ ጋር እኩል እስኪሆን ሞላሁት።

ማሰሮው ተንሳፈፈ። አትደንግጡ፤ የደረቀ ፒት ቀላል ስለሆነ እንደ ቡሽ ነው። በእጄ ጫን አድርጌ ጥቂት ደቂቃ ያዝኩት። ወዲያው ከታችኞቹ ቀዳዳዎች እና ከዳሩ የአየር አረፋ ይንተከተክ ጀመር። ከበድ ሲል ራሱ ተቀመጠ። አልቀመጥ ካለ በሁለት በኩል ድንጋይ አስደግፉት። ላዩንም በእጄ ውሃ እየረጨሁ አራስኩት፤ ከላይ ያለው ደረቅ ሽፋን ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚርሰው ነው።

ከ45 ደቂቃ በኋላ አረፋው ቆመ። ላዩም ወጥ በሆነ መልኩ ጠቆረ። ሁለቱ ምልክቶች አብረው ሲታዩ ይበቃል። በጣም የከረመ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ግን አትተዉት፤ ሥርም አየር ይፈልጋል። አውጥቼ ግማሽ ሰዓት ያህል አዘንብዬ አንጠፈጠፍኩትና መዘንኩት። 1180 ግራም። ሰባት መቶ አሥር ግራም ውሃ ገብቶበታል። በዳር የነበረው ክፍተትም ጠፍቷል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የታመመ ተክል እና ጤነኛውን አንድ ሳፋ ውስጥ አትንከሩ። ሥር የሚያበሰብሱ በሽታዎች በውሃው ይሻገራሉ።

«ማሰሮው ትልቅ ነው፤ ማንሳት ስለማይቻል መፍትሔ የለውም።»

አለው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። መጀመሪያ የተላቀቀውን ዳር በጣታችሁ ወደ ግድግዳው ጫን ጫን እያደረጋችሁ ክፍተቱን ዝጉት። ቀጥሎ እርሳስ በሚያህል እንጨት ስምንት አሥር ቦታ ውጉት። ጥልቀቱ የማሰሮው ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን። ወፍራም ሥር ሲገጥማችሁ አትግፉት፤ ጎኑን ሞክሩ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ መሃል መሃሉ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ድገሙት። አራት አምስት ጊዜ ከደገማችሁ በኋላ እንጨቱን እስከ ታች ሰዳችሁ አውጡት። እርጥብ ሆኖ አፈር ከተጣበቀበት ደርሷል። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከወጣ፣ በማግስቱ ቀጥሉ። ትልቅ ማሰሮ በአንድ ቀን አይጠግብም።

«ሳሙና ጨምሩበት ይላሉ። ተክሉን አይገድለውም?»

መጠኑ ነው የሚወስነው። ሳሙና ውሃው ላይ ያለውን የመድቦልቦል ባሕርይ ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ቅባታማው ቅንጣት ላይ መዘርጋት ይችላል። ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። አረፋ ከሠራ በዝቷል። በረኪና ወይም ሌላ ማጽጃ ያለበትን አትጠቀሙ፤ ለማጠቢያ ማሽን የሚሠራውንም እንዲሁ። አንዴ ከራሰ በኋላ በንጹሕ ውሃ ከላይ አጠጥታችሁ እጠቡት።

እኔ ሳሙናን መጀመሪያ አልሞክረውም። ውሃ ውስጥ መንከር ካልሠራ ብቻ ነው የማወጣው፤ ደግሞም ለአንድ ጊዜ። በየሳምንቱ የሚደረግ ነገር አይደለም።

«ቅጠሉ ስለጠወለገ ማዳበሪያ ጣል ላድርግበት።»

እባካችሁ አታድርጉ። የደረቀ ሥር ላይ የሚፈስ ማዳበሪያ ጨው ነው፤ ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ይርጠብ፣ ተክሉ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ይደርሳል።

መጠውለግ ራሱም ሁልጊዜ ጥማት አይደለም። ሥሩ የበሰበሰ ተክልም ልክ እንዲሁ ይጠወልጋል። ልዩነቱን አሁንም ክብደቱ ይነግራችኋል። ከቀለለ ጠምቶታል፤ ንከሩት። ከከበደና አፈሩ ክፉ ሽታ ካለው ግን ውሃ በዝቶበታል፤ መንከር ይጨርሰዋል።

«አንዴ ከራሰ አለቀ ደቀቀ።»

የፈርኑ ቅጠሎች በማግስቱ ቀና አሉ። ጫፋቸው ተሰብሮ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሹት ግን አልተመለሱም፤ ቆረጥናቸው። አፈሩ ደግሞ እንደገና እስከ አጥንቱ ከደረቀ ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ ለወዳጄ ያልኩት ማሰሮውን በየሁለት ቀኑ ከፍ እያደረገ እንዲመዝነው ነው። ለፈርን፣ ከጠጣው ውሃ ክብደት ግማሽ ያህሉ ከሄደ ጊዜው ደርሷል፤ በዳሩ ክፍተት እስኪከፈት አይጠበቅም። በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግም፣ አንዴ ሙሉ በሙሉ አርሶ መጠበቅ ይሻላል። ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ላዩን ብቻ ያርሳል፤ ውስጡ ሳይታይ ይደርቃል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም በየሳምንቱ ከደረቀ ግን ተክሉን ከማሰሮው አውጥታችሁ እዩት። ሥሩ ተጠቅልሎ ማሰሮውን ከሞላው፣ አፈር የቀረበት ቦታ የለም። ያኔ መንከር አይበቃውም፤ ሰፋ ያለ ማሰሮ እና አዲስ አፈር ይፈልጋል። አዲሱንም አፈር ከመሙላታችሁ በፊት ባልዲ ውስጥ አርሳችሁ አሹት። ጨብጣችሁት ቅርጹን ሲይዝና ውሃ ሳይንጠባጠብ ሲቀር ልኩ ነው።