በቅጥር ስብሰባ ላይ «ሳያውቁ ማዳላት» ምንድን ነው?

ቃለ መጠይቁ አልቋል። እጩዎቹ ሄደዋል። ጠያቂዎቹ በር ዘግተው፣ ቡና አስመጥተው፣ «እህ፣ እንዴት አያችኋቸው?» ይባባላሉ። የሚቀጠረው ሰው የሚለየው እዚህ ነው። ለቃለ መጠይቁ ጥያቄ ይዘጋጃል፣ ፈተና ይወጣል፣ ሰዓት ይያዛል። ለዚህ ስብሰባ ግን ብዙ ጊዜ ማንም ምንም አያዘጋጅም።

አድሎ ሲባል ቶሎ የሚታየን ዘመድ መቅጠርና እጅ መንሻ ነው። እሱን ሰውየው እያወቀ ነው የሚያደርገው። ሳያውቁ ማዳላት ሌላ ነው። ሰውየው ከልቡ «እኔ አላዳላም» ይላል፣ ሚዛኑ ግን እሱ ልብ በማይለው ነገር ያጋድላል። በአነጋገር ዘዬ፣ በአባት ስም፣ በተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ወይም «እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚህ ነበርኩ» በሚል ስሜት። ስብሰባ ላይ ሲወጣ የሚሰማው «ቀልቤ ወደደው» ሆኖ ነው። ቀልብ ምን አይቶ እንደወደደ ግን አይናገርም።

አንድ ጊዜ የሂሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር አራት ሆነን ተቀመጥን። እኔ ከሰው ኃይል ክፍል ነበርኩ። እጩዎቹ ሦስት ናቸው። የፋይናንስ ኃላፊው ወንበር እየሳቡ «ሁለተኛው ልጅ አሪፍ ነው፣ በራሱ ይተማመናል» አሉ። ቀጥሎ ያለው «እኔም እንደ እርስዎ ነው ያየሁት» አለ። ሦስተኛዋ ጠያቂ በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። እኔም ዝም አልኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ባልደረቦቼ ለየብቻ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። ሁለቱም ያስበለጡት ሦስተኛዋን እጩ ነበር። አንዱ የፈተና ወረቀቷን አርሟል፤ ከሁሉም የተሻለ ሠርታለች። ሌላዋ ስለ ቀድሞ ሥራዋ ጠይቃ ጥሩ መልስ አግኝታለች። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፣ ሁለቱም ደግሞ አልተናገሩም። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም። ቀድመው ተናገሩ፣ በቃ። ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ «የለም» ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ድፍረት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ጋሮልድ ስታሰር እና ዊልያም ታይተስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በቡድን ሲወያዩ ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀውን እየደጋገሙ እንደሚያወሩ አሳይተዋል። አንድ ሰው ብቻ የያዘው መረጃ ኪሱ ውስጥ ይቀራል።

መድኃኒቱ ከወሬ በፊት መጻፍ ነው። በሚቀጥለው ቅጥር አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ። መመዘኛው አራት ነው፦ የሂሳብ ዕውቀት፣ ጥንቃቄ፣ ሪፖርት አጻጻፍ፣ ከሰው ጋር መሥራት። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ፣ ከጎኑ «ምን አለ? ምን ሠራ?» የሚል ባዶ መስመር። እያንዳንዱ ጠያቂ እጩው እንደወጣ ብቻውን ሞልቶ ለእኔ ይሰጣል። የሁሉም ነጥብ እጄ ሳይገባ ስብሰባ የለም። ስንቀመጥ ነጥቡን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። የምንወያየው በሰው ሳይሆን በመመዘኛ ነው፤ መጀመሪያ የሁሉንም የሂሳብ ዕውቀት እንጨርሳለን፣ ከዚያ ወደ ጥንቃቄ። መጀመሪያ የሚናገረው በሥልጣን ዝቅ ያለው፣ መጨረሻ የሚናገሩት ኃላፊው። እሳቸው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር።

አንዷ እጩ በሂሳብ ዕውቀት 4፣ 4፣ 4 እና 2 አገኘች። ድሮ ቢሆን አማካዩን ወስደን እናልፍ ነበር። አሁን ግን የሁለት ነጥብ ልዩነት ካለ ነጥቡን የሰጠው ሰው ይጠየቃል። 2 የሰጠው ልጅ ወረቀቷን አወጣ። የባንክ ሂሳብ ስታስታርቅ፣ ወጥቶ ገና ያልተመነዘረውን ቼክ ከባንኩ መግለጫ መቀነስ ሲገባት ከድርጅቱ መዝገብ ቀንሳዋለች። መዝገቡ ላይ እኮ ቼኩ ሲጻፍ ተቀንሷል፣ ሁለት ጊዜ ቀነሰችው ማለት ነው። ሌሎቻችን 4 የሰጠናት ረጋ ብላ፣ በሙሉ ልብ ስላስረዳች ነበር። ሁለታችን ወደ 3 አወረድን፣ ለምን እንዳወረድንም ጻፍን።

በሪፖርት አጻጻፍ ደግሞ ሌላኛው እጩ 4፣ 4፣ 5 እና 2 ነበረው። 2 የሰጡት ኃላፊው ናቸው። መስመሩ ላይ የጻፉት «ድምፁ አይሰማም፣ አንገቱን ይደፋል» ነው። ሰብሳቢዋ በትሕትና «ጋሼ፣ ከጻፈው ናሙና ውስጥ የጎደለ ያዩት ነገር ነበር?» አለቻቸው። ወረቀቱን ወስደው አነበቡ። ትንሽ ዝም አሉና «አይ፣ ጽሑፉስ ደህና ነው» ብለው 4 አደረጉት። ሁለቱን አጋጣሚዎች አስተያዩዋቸው። በመጀመሪያው ብቻውን የቀረው ሰው ልክ ነበር፣ በሁለተኛው ደግሞ ብቻቸውን የቀሩት ተሳስተዋል። የለየው ቁጥሩ አይደለም፣ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈው ነው።

ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሚዛኑ ራሱ መሐል ላይ ይቀየራል። ኤሪክ ኡልማን እና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የፖሊስ አዛዥ እንዲመርጡ ተጠየቁ። ወንዱ የመንገድ ላይ ልምድ ያለው፣ ሴቷ የተማረች ሲሆኑ «ለዚህ ሥራ ዋናው ልምድ ነው» አሉ። ወንዱ የተማረ ሲሆን ደግሞ ዋናው ትምህርት ሆነ። ዋናው መመዘኛ የቱ እንደሆነ እጩዎቹን ሳያዩ አስቀድመው እንዲወስኑ ሲደረግ ግን አድሎው ጠፋ። ስለዚህ ስብሰባ ላይ «ለነገሩ ለዚህ ቦታ ዋናው…» የሚል ዓረፍተ ነገር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ያ ነገር ማስታወቂያው ላይ ነበር? ቅጹ ላይስ?

ቅጹ ሁሉን አይፈውስም። ጠያቂዎቹ ሻይ ቤት አውርተው ከሞሉት የአንድ ሰው ሐሳብ በአራት ብዕር ተጻፈ ማለት ነው። ይህን ማወቅ ይቻላል፦ ነጥቦቹ በየመመዘኛው አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ማስረጃ የሚጻፍበት መስመር ላይም «ጎበዝ» ብቻ ካለ፣ ጠርጥሩ። ለአንዱ ከባድ ለሌላው ቀላል ጥያቄ ከቀረበም ጥፋቱ የደረሰው ቃለ መጠይቁ ላይ ነው፣ ስብሰባው አይመልሰውም።

«ታዲያ ቀልብ ምንም አያውቅም?» ያሉኝ ኃላፊው ናቸው። ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእስራኤል ጦር ውስጥ ወጣት መኮንን ሳለ የምልምሎችን ቃለ መጠይቅ እንዲያሻሽል ታዘዘ። ጠያቂዎቹ ስድስት ባሕርያትን ለየብቻ ነጥብ እንዲሰጡ አደረገ። እነሱ ግን ማሽን አደረግከን ብለው ተቆጡ። እሱም እሺ፣ ስድስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ምልምሉን ወታደር ሆኖ አስቡትና አንድ ነጥብ ስጡ አላቸው። ውጤቱ ሲታይ ዓይን ተጨፍኖ የተሰጠው ነጥብ የስድስቱን ድምር ያህል ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

ለኃላፊው ይህን ነገርኳቸው። አሁን ቅጻችን ታች ላይ አምስተኛ መስመር አለ፣ «አጠቃላይ ስሜት» ይላል። የሚሞላው አራቱ ካለቁ በኋላ ነው።