የቡድን መሪነት ቃለ መጠይቅ፦ «ሥራ ላይ ጓደኛ አላውቅም» የሚሉ ተወዳዳሪዎች የሚስቱት

በሚሠሩበት ክፍል ለቡድን መሪነት የሚወዳደሩ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ከመግባታቸው በፊት የሚሉትን አንድ በአንድ እንየው።

«ስንት ዓመት አብረን ሠርተን ያውቁኛል እኮ፤ አዲስ ነገር ምን እነግራቸዋለሁ?»

ፈታኞቹ ነጥብ የሚሰጡት እዚያ ክፍል ውስጥ ለሰሙት ነው። በእያንዳንዳቸው ፊት ቅጽ አለ፤ ጥያቄው ተጽፏል፣ አጠገቡ የነጥብ ቦታ አለ፣ ከሥር ፊርማ አለ። ነገ ሌላው ተወዳዳሪ ቅሬታ ቢያስገባ የሚወጣው ይኸው ቅጽ ነው። ስለዚህ የክፍል ኃላፊያችሁ ጉብዝናችሁን በዓይኑ ቢያይም እናንተ ያላነሣችሁትን ሊሞላላችሁ አይችልም። ከሌላ ክፍል የመጣው ፈታኝ ደግሞ ጭራሽ አያውቃችሁም። ማሽን በቆመበት ቀን እነማንን ወዴት መደባችሁ፣ ጭነቱ በስንት ሰዓት ወጣ፣ እንደማያውቋችሁ ቆጥራችሁ እንደ አዲስ ንገሯቸው።

«በአገልግሎት ዘመን ከሁሉም እበልጣለሁ፤ ተራው የኔ ነው»

አገልግሎት ነጥብ ካለው ከፋይላችሁ ላይ ተቆጥሮ አልቋል። በቃል ስትደግሙት የምታጠፉት የራሳችሁን ደቂቃ ነው።

«ጓደኛሽ ብታጠፋ ምን ታደርጊያለሽ ካሉኝ ‹ሥራ ላይ ጓደኛ አላውቅም፣ ሁሉንም በእኩል ዓይን ነው የማየው› እላለሁ፤ አለቀ»

አላለቀም። ይቺን መልስ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የተወዳደረ ሁሉ ይዟት ይገባል፤ ፈታኞችም ሰልችተዋታል። ችግሩ መሰልቸቷ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ዋናው ጉድለቷ የተጠየቀውን አለመመለሷ ነው። ጥያቄው «ምን ታደርጊያለሽ» ሆኖ ሳለ መልሱ «እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» ይላል። በዚያ ላይ ማንም አያምናትም። ምሳ አብረው ሲበሉ፣ በአንድ ሰርቪስ ሲመጡ፣ አንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ የሚያይ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

በአንድ ጉዳይ እንየው። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች በአንድ ፈረቃ ይሠራሉ እንበል። ፈረቃው ጠዋት 1 ሰዓት ይገባል። አንዲት ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ በሃያ ደቂቃ ገደማ አርፍዳለች። ለመሪነት የምትወዳደረው ደግሞ የእሷ የቤት ተጋሪ ናት። ፈታኙ «ይህ ሲገጥምሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላል።

ጥሩ መልስ ከመዝገብ ይጀምራል። «በመጀመሪያ የመግቢያ ሰዓቷን ከፊርማ መዝገቡ ወይም ከጣት አሻራው አያለሁ፤ ሰው የነገረኝን ይዤ አልነሣም። በዚያው ዓይን የሌሎቹንም አያለሁ፣ በዚያው ሁለት ሳምንት ሌላ ያረፈደ ሊኖር ይችላል።» የሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ክብደት ትልቅ ነው። ጓደኛዋን ብቻ ብታነጋግር «ለማስመሰል እኔን መረጠች» ይባላል፤ ሌሎቹን ብቻ ብታነጋግር ደግሞ «አደላች» ይባላል። በእኩል ዓይን ማየት በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ መቼና የት እንደምታነጋግራት ትናገር። ያረፈደችበት ቀን ሳያልፍ፣ ማሽኑ አጠገብ ሳይሆን ለብቻ፣ ከአሥር ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ። ቤት ገብተው ቡና ላይ አይሆንም፤ ቤት የተባለው የጓደኛ ምክር ሆኖ ይቀራል፣ በኋላም «አልተነገረኝም» ቢባል ማስረጃ የለም። የምትናገረው ቁጥሩን ነው፦ «ሰኞ 1፡20፣ ሐሙስ 1፡15፣ ዛሬ 1፡25 ገብተሻል። ምን ገጥሞሽ ነው?» «ሰነፍ ሆነሻል»፣ «እያሳፈርሽኝ ነው» የሚሉት ቃላት ፈረቃው ላይ ጠብ ከመጫር ሌላ ሥራ አይሠሩም።

ምክንያቱን መስማት ደግሞ ለይስሙላ አይደለም። ሰርቪሱ መነሻ ሰዓት ቀይሮ ከሆነ መፍትሔው ከትራንስፖርት ክፍሉ ጋር መነጋገር ነው። ልጅ የሚይዝላት ሰው አጥታ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ፈረቃ መቀያየር ይቻል እንደሆነ ኃላፊውን መጠየቅ ይቻላል፤ ያኔም ለሌላ እናት ይኸው በር ክፍት መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ምክንያት ከሌለ ግን የተስማሙበትን ቀን ጠቅሳ በአጭሩ ማስታወሻ ላይ ታሰፍራለች፤ ቀኑ፣ የተባለው፣ የተስማሙበት። ሦስት መስመር ይበቃል።

ከደገመችስ? ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ቆራጥ ለመምሰል «ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ፣ ካልተስተካከለች አባርራታለሁ» ይላሉ። የቡድን መሪ ሰው አያባርርም። በብዙ ቦታ ማስጠንቀቂያ እንኳ የሚፈርመው የክፍል ኃላፊው ወይም የሰው ኃይል አስተዳደሩ ነው፤ መሪው ሪፖርት ያቀርባል። «አባርራለሁ» ያለ ተወዳዳሪ የተወዳደረበትን መደብ የሥራ መዘርዝር እንዳላነበበ በራሱ አንደበት መሰከረ። የግል ድርጅት ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማወቅም ይጠቅማል፤ በማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ፣ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ያረፈደችን ሰው ስለማባረር የሚያወራ መሪ ድርጅቱን ለክስ ያጋልጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ይህ አዋጅ አይመለከታችሁም፤ የሲቪል ሰርቪስ ሕጉንና መመሪያውን አንብቡ።

ስለዚህ የመልሱ መጨረሻ እንዲህ ይሆናል፦ «ከተስማማንበት ቀን በኋላ ከደገመች የመግቢያ ሰዓቱንና ማስታወሻዬን ይዤ ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቃለሁ። አብረን እንደምንኖር ስለሚታወቅ እሳቸው ባሉበት እንዲታይ እጠይቃለሁ። ማሳወቄንም ለእሷው አስቀድሜ እነግራታለሁ።» ይህ ሁሉ ሲነገር ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

በልምምድ የሚረሳው ተከታዩ ጥያቄ ነው፦ «አንቺም እኮ አብረሽኝ ታረፍጂ ነበር ብትልሽስ?» እዚህ ላይ የሚደነግጥ ሰው ወይ ይክዳል ወይ ይቆጣል። እውነት ከሆነ «እውነትሽን ነው፤ ያኔ ለኔም ሊነገረኝ ይገባ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን የኔም ሰዓት ከሁላችሁ ጋር ይታያል» ማለት ይበቃል። ፈታኙ የሚፈልገው ንጹሕ ሰው አይደለም፤ ያለፈውን ሲያነሱባት አፏ የማይያዝ ሰው ነው የሚፈልገው።

«እቁቡና አበ ልጅነቱ የግል ሕይወቴ ነው፤ እዚያ አይነሣም»

ካልተነሣ እናንተ አንሡት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ክፍል ማለት አብዛኛውን ጊዜ እቁብ፣ እድርና ማኅበር ጭምር ነው፤ ይህን የማያውቅ ፈታኝ የለም። የሚያስጨንቀው ዝምድናው መኖሩ ሳይሆን መደበቁ ነው። በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ «ከቡድኑ ውስጥ የአንዱን ልጅ ክርስትና አንሥቻለሁ። የሥራ አፈጻጸሙን ስሞላ ኃላፊው አብረውኝ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።»

እቁቡ ግን ለብቻው ይታይ። የክፍሉ እቁብ ሰብሳቢ ከሆናችሁ ከሹመቱ በኋላ ሰብሳቢነቱን ለሌላ ሰው አስረክቡ፤ እንደምታስረክቡም በቃለ መጠይቁ ተናገሩ። ትርፍ ሰዓት የምትመድቡት እናንተ፣ በደመወዝ ቀን ገንዘብ የምትሰበስቡትም እናንተ ከሆናችሁ፣ እቁቡን ያልከፈለ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት ሲቀርበት የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምደባው ትክክል ቢሆን እንኳ ማስረዳት አይቻልም። አባል ሆኖ መቀጠል ግን አይከለከልም።

«ለድርጅቱ ታማኝ መሆኔን ለማሳየት የሚለግሙትን በስማቸው ልናገር»

አትናገሩ። ከአዳራሹ የወጣ ስም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካፍቴሪያ ይገባል፤ ብታልፉ የምትመሩት ያንኑ ሰው ነው፣ ባታልፉ አጠገቡ ነው የምትሠሩት። የሚነገረው የአሠራሩ ቀዳዳ ነው። «ፈረቃ ሲቀየር ርክክብ በቃል ስለሆነ የጎደለ ካርቶን የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ በሁለቱም ወገን የሚፈረም ደብተር አስገባለሁ» የሚል ሰው ጉድለቱንም መፍትሔውንም አሳየ፣ ማንንም ግን አልከሰሰም። የቀድሞውን መሪ ስም ማብጠልጠልም ከዚሁ አይለይም። ሌብነትና ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ካያችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ ቃለ መጠይቅ አይጠብቅም፣ ያያችሁ ዕለት ለሚመለከተው ይነገራል።

«አብሮኝ የተወዳደረውና ያላለፈው ቀስ ብሎ ይለምደዋል»

ላይለምደውም ይችላል፤ ፈታኞቹም ስለ እሱ መጠየቅ ይወዳሉ። «እንደ ወንድም እንግባባለን» አይበቃም። ቀን ያለው ዕቅድ ይዛችሁ ግቡ። ውጤቱ በተለጠፈበት ቀን ወይም በማግስቱ፣ ለቡድኑ ከመናገራችሁ በፊት፣ እሱን ለብቻው አግኙት። አጽናኑት አላልኩም፤ ማጽናናት ከአሸናፊ ሲመጣ ያማል። የተሻለ የሚያውቀውን ሥራ ጠቅሳችሁ ያንን በኃላፊነት እንዲይዝ ጠይቁት፣ ለምሳሌ አዲስ ሠራተኛ ማሰልጠን ወይም የጥራት ፍተሻውን። ያልሰጣችሁትን ሥልጣን ግን ቃል አትግቡ፤ «ምክትሌ ትሆናለህ» ካላችሁ በኋላ መዋቅሩ ላይ ምክትል የሚባል መደብ ከሌለ የመጀመሪያውን ወር በውሸታምነት ጀመራችሁ ማለት ነው። ቅሬታ ማስገባት ከፈለገም መብቱ ነው፤ «እንዳታስገባ» ብሎ መለመን ያላግባብ ያለፋችሁ ያስመስላል።

«‹ጥያቄ አለሽ?› ሲሉኝ ‹የለኝም፣ አመሰግናለሁ› ማለት ጨዋነት ነው»

ጨዋነቱስ ጨዋነት ነው፤ ግን አንድ ነገር ያስቀርባችኋል። የዓመት ፈቃድ የሚያጸድቀው፣ ትርፍ ሰዓት የሚመድበውና የአፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው መሪው ነው ወይስ የክፍል ኃላፊው? ሦስቱን ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት። ብታልፉ በመጀመሪያው ሳምንት ትናንት አብሯችሁ ሻይ የጠጣ ሰው «ቅዳሜን ልቅር፣ አንተ እኮ አለህ» ብሎ ይመጣል፤ ፈቃዱ በእጃችሁ መሆን አለመሆኑን ሳታውቁ አንገታችሁን ከነቀነቃችሁ፣ ሰኞ ዕለት ኃላፊው ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።