ብዙ ኪሎ ከቀነሱ በኋላ የሚላላ ቆዳ

ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ልብሱ ሲሰፋው ደስ ይለዋል። ልብሱን ሲያወልቅ ግን እምብርቱ ሥር የተንጠለጠለ ቆዳ ያያል። ብዙዎች «ቦርጩ አልጠፋም» ብለው ምግብ ይቀንሳሉ። አንዳንዴ እውነትም ስብ ነው፤ አንዳንዴ ግን የቀረው ባዶ ቆዳ ነው።

ሐዋሳ የምትኖር፣ የ41 ዓመት የሦስት ልጆች እናት እናስብ። ከ20ዎቹ ዕድሜዋ ጀምሮ ወፍራም ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወክ እያደረገች፣ ምግቧንም እያስተካከለች በ16 ወር ከ112 ኪሎ ወደ 72 ወረደች። ጎረቤት «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ይላታል። ክንዷ ትንሽ ሰብሰብ ብሏል። ሆዷ ግን እጥፍ ብሎ ወርዷል።

ነገሩ እንደ ሱሪ ላስቲክ ነው። ለአንድ ቀን ከተወጠረ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተወጠረ ይላላል። ቆዳን የሚመልሰው ኢላስቲን የሚባል ክር ነው፤ አዋቂ ሰው ላይ አንዴ ከተጎዳ በደንብ አይተካም። ስለዚህ ስንት ኪሎ እንደቀነሰች ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት ወፍራም እንደቆየችም ወሳኝ ነው። በዚያ ላይ ሦስት እርግዝና አለ። ዕድሜ፣ ዘር፣ ሲጋራና ፀሐይም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆድ ፀሐይ ስለማያየው የፀሐዩ ጉዳት የሚብሰው አንገትና ክንድ ላይ ነው።

ስብ ይሁን ቆዳ ለመለየት ቆሞ በሁለት ጣት መቆንጠጥ ነው። እንደ ጨርቅ ስስ ሆኖ ከታጠፈ ቆዳ ነው። ወፈር ብሎ እጅ ከሞላ ከሥሩ ስብ አለ። የእኛዋ ሴት እምብርቷ ሥር ስስ ነው፤ ጎኗ ላይ ወፈር ይላል። ሆዷን አጠፋለሁ ብላ ራሷን ብታስርብ ጡንቻዋንም ታጣለች።

ቆዳ ኪሎ ከረጋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቀስ እያለ ይሰበሰባል። ክብደት ማንሳት ክንድንና ጭንን ይሞላል፤ የተንጠለጠለ ሆድን ግን አያነሳም። ክሬም ላዩን ያለሰልሳል እንጂ ከታች ያለውን ክር አይጠግንም። ሆድ ማሰሪያ ቀበቶም ቅርጽ የሚሰጠው እስኪወልቅ ድረስ ነው። በነዚህ ላይ ብዙ ብር ባይወጣ እመርጣለሁ።

በሐዋሳ ሙቀት ይበልጥ የሚያስቸግረው እጥፉ ውስጥ የሚጠራቀመው ላብ ነው። ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይሸታል። አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ መሃሉ ማድረግ ይረዳል። ካልተሻለ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ ማደር የለበትም።

የተረፈን ቆዳ ቆርጦ የሚያወጣው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚደርስ ጠባሳ ይተዋል። ሐኪሞች ኪሎው ቢያንስ 6 ወር እንዲረጋ ይፈልጋሉ፤ ሲጋራም ከሳምንታት በፊት ማቆም ግድ ነው። እሷ 72 ላይ ከረጋች ገና ሦስት ወሯ ነው። አራተኛ ልጅ ካሰበች ደግሞ ቀዶ ጥገናው ከወሊድ በኋላ ይሻላል።